ከመሬት መነሳት ይለመዳል፦ «ዝቅ አይበሉ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«ከስልሳ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በቀን ግማሽ ሰዓት ዘና ብሎ መራመድ ይበቃዋል። አጥንቱ የሳሳ ሰው ክብደት ማንሳት የለበትም፤ ይሰበራል። ሚዛን ዕድሜ የሚወስደው ነገር ስለሆነ ከዘራ መያዝ፣ መሬት ላይ አለመቀመጥ፣ በርጩማም መተው ነው የሚሻለው። ለአጥንት ወተትና የጠዋት ፀሐይ በቂ ነው።»

ጽሑፉን የላከችልኝ እህቴ ናት። «ለእማዬ ላንብብላት?» የሚል ጥያቄ ጨምራበታለች። ጸሐፊው ለአረጋውያን አስበው እንደጻፉት ያስታውቃል። እኔ ግን ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ይህ ምክር ሲተገበር ምን እንደሚያመጣ ደግሞ በገዛ ቤቴ አይቻለሁ።

እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቤት ውስጥ ብቻዋን እያለች የማድ ቤቱ ደፍ አደናቀፋትና ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም። ግን መነሳት አልቻለችም። ስልኳ ሳሎን ነበር። ከሥራ ስመለስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀዝቃዛው ሊሾ ላይ ተኝታ አገኘኋት። የወሰድናት ሐኪም ቤት ራጅ አነሷትና «ደህና ነዎት፣ ከእንግዲህ አረፍ ይበሉ» ብለው ሸኙን። እሷም አረፈች። ከእግር ጉዞዋ በቀር ስድስት ወር አረፈች።

በስድስተኛው ወር ከሶፋ ለመነሳት ሁለት ሦስት ጊዜ መወዛወዝ ጀመረች። ቤተ ክርስቲያን ስግደቱን ትታ አንገቷን ብቻ ዝቅ ታደርጋለች። በበርጩማ ተቀምጦ ቡና ማፍላቱን ለእህቴ ለቀቀች። ባለሙያ ሆኜ ያንን ሁሉ ጊዜ ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ በኋላ ነው ሥራውን የጀመርነው።

ስለ እግር ጉዞው

መራመድ ጥሩ ነው። ለልብም፣ ለስኳርም፣ ለእንቅልፍም ይጠቅማል። እናቴም እስከ ዛሬ ትራመዳለች። ነገር ግን ከመውደቅ ያድናል ወይ ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሌላ ነው። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 በዚህ ጉዳይ 108 ጥናቶችን መርምሯል። የተሳተፉት አረጋውያን ከ23 ሺህ በላይ ናቸው። የሚዛን ልምምድና እንደ መነሳት መቀመጥ ያሉ የዕለት ኑሮ እንቅስቃሴዎችን የሠሩ ሰዎች መውደቃቸው በሩብ ገደማ ቀነሰ። ጡንቻ ማጠንከሪያ ሲታከልበት ቅነሳው ወደ ሲሶ ደረሰ። መራመድ ብቻውን መውደቅን እንደሚቀንስ ግን በቂ ማስረጃ አልተገኘም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ደልዳላ መንገድ ላይ ሲሄዱ የጭን ጡንቻዎ የሚሠራው ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ ነው። ሲደናቀፉ ግን በቅጽበት አንድ እግር ወደ ፊት መወርወር አለበት። ያ እግር ጉልበቱን አጥፎ የሰውነትን ክብደት በሙሉ ብቻውን መያዝ አለበት። ይህን ጉልበት መንገዱ አያስተምርም። አጥንትም እንዲሁ ነው። አጥንት የሚጠነክረው ያልለመደው ጫና ሲመጣበት ነው። እርምጃን ደግሞ ስልሳ ዓመት ሙሉ ለምዶታል።

የጭንዎ ጉልበት የት እንዳለ ለማወቅ ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ያስደግፉ። የመቀመጫው ከፍታ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ቀጥ ብለው እንደሚነሱ ይቁጠሩ። ከ65 እስከ 69 ዓመት ላለች ሴት ከ11 በታች ከአማካይ በታች ነው። ለወንድ ከ12 በታች ነው። እናቴ 7 አመጣች። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የምትራመድ ሴት ናት።

ስለ ክብደቱ

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መመለስ እፈልጋለሁ። ይህ ፍርሃት በሐኪሞችም ዘንድ ለብዙ ዓመታት የኖረ ነው።

አውስትራሊያ የሚገኘው የግሪፊዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንታቸው የሳሳ ወይም መሳሳት የጀመረ፣ የወር አበባቸው የቆመ 101 ሴቶችን ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ለስምንት ወር በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ከባድ ክብደት አነሱ። ከመሬት አነሱ፣ ተሸክመው ቁጢጥ አሉ፣ ከራስ በላይ ገፉ። ዘለው መሬት ላይ ማረፍም ነበረበት። ሌሎቹ ቤታቸው ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ሠሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። የከበደውን የሠሩት ሴቶች የወገብ አከርካሪ ጥግግት ወደ 3 በመቶ ሲጨምር፣ የሌሎቹ ከ1 በመቶ በላይ ቀነሰ። በሥራው ምክንያት አጥንቱ የተሰበረ ሰው አልነበረም። የተመዘገበው ጉዳት አንድ ቀላል የወገብ ሕመም ነው።

ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ግን አልልም። እነዚያ ሴቶች ሲሠሩ አሠልጣኝ ጎናቸው ቆሞ ነበር። ከባዱን የነኩትም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አነሳሱን ከተማሩ በኋላ ነው። ዛሬ ተነስቶ 20 ሊትር ጀሪካን ጎንበስ ብሎ የሚነጥቅ ሰው ሊጎዳ ይችላል። የሚጎዳውም በአብዛኛው ከክብደቱ ይልቅ ጀርባን አጉብጦ በማንሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ የቆየ ጥናት አከርካሪያቸው የሳሳ ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። ወደ ፊት የሚያጎብጥ እንቅስቃሴ ከሠሩት 89 በመቶው አዲስ የአከርካሪ ስብራት ታየባቸው። ጀርባን የሚያቀና እንቅስቃሴ ከሠሩት ግን 16 በመቶው ብቻ ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ስለዚህ አጥንቱ የሳሳ ሰው መተው ያለበት ተኝቶ ሆድን እያጠፉ መነሳትን፣ ቆሞም ጀርባን አጉብጦ የእግር ጣት መንካትን ነው።

እናቴ በአጥንት ጥግግት ምርመራ ወገቧ ላይ፣ አጥንትን ከጤናማ ወጣት ሰው ጋር የሚያወዳድረው ነጥቧ ከዜሮ በታች 2.6 ነበር። ከዜሮ በታች 2.5 እና ከዚያ የወረደ ሲሆን የአጥንት መሳሳት ይባላል። ሐኪሟ መድኃኒት ጀመረችላት። እኔ ጀሪካን አመጣሁላት። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ መድኃኒቱን ዛሬም ትወስዳለች።

ጀሪካን የመረጥኩት በየቤቱ ስላለና አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ነው። ክብደቱን በሊትር እየለኩ መጨመር ይቻላል። ጂም መመዝገብ አያስፈልግም።

ከጀሪካኑ በፊት ግን እንጨት ነበር። የመጥረጊያ እንጨት ከጀርባዋ ጋር አቁመን ሦስት ቦታ እንዲነካት አደረግን፤ የራስ ቅሏን፣ የትከሻዋን መሐልና ጅራት አጥንቷን። አንድ እጇ ከላይ፣ ሌላው ከታች ይይዘዋል። ከዚያ ጉልበቷን ትንሽ ለቀቅ አድርጋ መቀመጫዋን ወደ ኋላ ትገፋለች። በር በመቀመጫ እንደሚዘጋ ሰው ማለት ነው። እንጨቱ ከሦስቱ አንዱን ከለቀቀ ጀርባዋ ጎብጧል ማለት ነው። ያን ጊዜ ትቆማለች፣ ትመለሳለች። ለሁለት ሳምንት ከዚህ ሌላ አልሠራንም።

በሦስተኛው ሳምንት አምስት ሊትር የሞላ ጀሪካን ጉልበቷ ድረስ በሚደርስ ሳጥን ላይ አስቀመጥን። በተማረችው አኳኋን ዝቅ ብላ ታነሳዋለች፣ ቀጥ ትላለች፣ ቀስ ብላ ትመልሳለች። ስምንት ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በዙሮቹ መሐል ሁለት ደቂቃ እረፍት። መለኪያችን አንድ ጥያቄ ነበር። ዙሩ ሲያልቅ «ስንት ይቀርሽ ነበር?» እላታለሁ። «ሁለት ሦስት» ካለች ክብደቱ ልክ ነው። «ኧረ አሥርም እሠራለሁ» ካለች በሚቀጥለው ቀን አንድ ሊትር እንጨምራለን። «ምንም አልቀረኝ» ካለች እንቀንሳለን። ክብደቱ ሲለመድ ሳጥኑን በዝቅተኛ ቀየርነው። በስድስተኛው ወር 15 ሊትር ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ካለ ደረጃ ላይ ታነሳ ነበር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ሁለት ሊትር ይዞ ይጀምርና ከዓመት በኋላም ሁለት ሊትር ነው። ያኔ አጥንቱ የሚሰማው አዲስ ነገር የለም። ሌላው ስሕተት ሲያነሱ ትንፋሽ መያዝ ነው። ደም ግፊት ላለበት ሰው ጥሩ አይደለም። እናቴን ስትነሳ ጮክ ብላ እንድትቆጥር አደረግኋት። የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም።

ጭን ለሁለት ቀን ቢዝል የሚጠበቅ ነው። መገጣጠሚያ ቢያብጥ ወይም የመገጣጠሚያው ሕመም በማግሥቱም ካልለቀቀ ግን ክብደቱ በዝቷል። ድንገት ጀርባ መሐል ላይ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን ሥራው ይቁም፣ ሐኪምም ይታይ፤ አከርካሪ ሊሆን ይችላል። በቅርቡ ስብራት የደረሰበት ወይም ቁመቱ ከወጣትነቱ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ያጠረ ሰው ደግሞ ሳይመረመር ጀሪካን አይንካ። ደረቱን የሚያመው ወይም ሲነሳ የሚያዞረውም እንዲሁ።

ስለ ከዘራውና ስለ መሬቱ

ከዘራ አልቃወምም። ለተበላሸ የእግረኛ መንገድ ይጠቅማል። በትክክል ከተያዘ ማለት ነው፤ በደካማው እግር ተቃራኒ እጅ፣ ቁመቱም እጅ ወደ ታች ሲንጠለጠል እስከ አንጓ። ግን ሚዛንን አይተካም። ሚዛን ከሰማንያ በኋላም ይመለሳል። ኒውዚላንድ ውስጥ የኦታጎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ አዘጋጅተው መጀመሪያ የሞከሩት 80 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሴቶች ላይ ነው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲታተም መውደቃቸው ቀንሶ ነበር። በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ሲደመሩም ቅነሳው ሲሶ ያህል ሆነ።

የሚሠራው ቀላል ነው። ከጠንካራ ጠረጴዛ ወይም ከማድ ቤት ባንኮኒ አጠገብ ይቁሙ። መጀመሪያ እግር ገጥመው። ቀጥሎ አንዱን እግር ግማሽ ወደ ፊት። ቀጥሎ ገመድ ላይ እንደቆመ ሰው የአንዱ ተረከዝ የሌላውን ጣት ነክቶ። መጨረሻ በአንድ እግር። እያንዳንዱን 10 ሰከንድ መቆም ሲችሉ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሦስተኛው ላይ 10 ሰከንድ ያልሞላ ሰው የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። እናቴ 4 ሰከንድ ነበረች።

ባንኮኒውን ጨብጠው ቢቆሙ ግን ሚዛንን እጅዎ ነው የሚሠራው። እጅ ከባንኮኒው በላይ ይንሳፈፍ፤ ሲያስፈልግ ብቻ በአንድ ጣት ይንኩ። ቁርጭምጭሚትዎ ሲወዛወዝ ቢሰማዎት አይፍሩ። ልምምዱ ያ መወዛወዝ ነው፤ ምንም ካልተወዛወዙ ቀሎዎታል። ያኔ ራስዎን ወደ ግራና ቀኝ እያዞሩ ይቁሙ። እናቴ ይህን በቀን ሁለቴ፣ ጀበናው እስኪፈላ ድረስ ትሠራለች።

አሁን ወደ መሬቱ። ከጽሑፉ ስሕተት ሁሉ አንዱ ብቻ ይታረም ብባል፣ የምመርጠው ይህንን ነው። ሰው አልፈለገም አልቀረም አንድ ቀን መሬት ላይ ሊገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ወድቀው ያልተጎዱ አረጋውያንን ጠይቆ ነበር። ግማሽ የሚጠጉት ያለ ረዳት መነሳት አልቻሉም። እናቴን ሦስት ሰዓት ያስተኛት ስብራት አልነበረም፤ መነሳት መርሳቷ ነው። መሬት ላይ ረጅም ሰዓት መተኛት ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። ሰውነት ይቀዘቅዛል፣ ቆዳ ይቆስላል፣ የተጨፈለቀ ጡንቻ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ከመሬት መራቅ ደግሞ መነሳትን ጨርሶ ያስረሳል። በርጩማ የተወ ሰው ለጥቂት ዓመታት ወንበር ይበቃዋል፤ ቆይቶ ወንበሩም ዝቅ ይልበታል።

ሥልጠናው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። ሰውን መሬት ላይ አስተኝቶ «ተነስ» ማለት ማስፈራራት ነው። የምንጀምረው ቆመን ነው፤ በየጊዜው ጥቂት ዝቅ ብለን እንመለሳለን። መደገፊያው የማይንቀሳቀስ ይሁን። ከባድ ሶፋ ወይም ግድግዳ የነካ አልጋ ጥሩ ነው። የፕላስቲክ ወንበር በፍጹም አይሆንም። በአንድ ጎን ሲጫኑት ይገለበጣል።

እናቴ ሶፋው ፊት ቆመች። ሁለት እጇን መቀመጫው ላይ አሳረፈች። ከኋላዋ መሬት ላይ ሁለት የሶፋ ትራስና የታጠፈ ጋቢ ደራረብኩ። አንድ እግሯን ወደ ኋላ ወስዳ ጉልበቷን ትራሱ ላይ አሳረፈች፣ ተመልሳ ቆመች። በእያንዳንዱ እግር አምስት ጊዜ። ያን ቀን በዚሁ አበቃን። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ትራስ አነሳሁ። በአራተኛው ሳምንት ጋቢው ብቻ ቀረ።

ቀጥሎ ሁለቱንም ጉልበት ማንበርከክ ነበር፤ እዚህ ላይ ሦስት ሳምንት ቆምን። መውረዱን ትችላለች። ተንበርክካ ሳለ ግራ እግሯን አንስታ መዳፉን መሬት ላይ መትከል ግን እምቢ አላት። እግሯ እየተጎተተ ጋቢው ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚሁ ነው። ሁለት ነገር ረዳት። አንደኛው ክብደቷን ሁሉ በቀኝ እጇና በቀኝ ጉልበቷ በኩል ማዘንበል ነው፤ ግራው ያኔ ይቀላል። ሁለተኛው በሌላ ጊዜ የሠራነው የደረጃ ልምምድ ነው። የበረንዳችን ደረጃ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። በግራ እግሯ ወጥታ በዚያው እግር ቀስ ብላ ትወርዳለች፣ ስምንት ጊዜ። እስኪጠነክር ድረስ ደግሞ ወደ ፊት የምትተክለው ቀኙን እንዲሆን አደረግን። ጠንካራው እግር ይነሳል፣ ደካማው ጉልበት መሬት ላይ ይቀራል። ይህን ደንብ ወድቀው ለሚነሱበት ቀንም ይያዙት።

ከተንበረከከች በኋላ ያለው ቀላል ነበር። እጇን ወደ መሬት አውርዳ እንደ ሕፃን ዳዴ። ከዳዴ ወደ አንድ ጎን መቀመጥ። ከመቀመጥ በክርን ተደግፎ በጎን መተኛት። ከዚያ በጀርባ። በየደረጃው የሄደችበትን መንገድ ተመልሳ ትነሳለች። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት በጀርባዋ ከተኛችበት ተነስታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ወደ ጎን ተገለበጠች፣ በክርንና በእጇ ገፍታ ተቀመጠች፣ በዳዴ ወደ ሶፋው ሄደች፣ ቀኝ እግሯን ተከለች፣ ገፋች፣ ዞራ ተቀመጠች። አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ፈጀባት። ዛሬ 25 ሰከንድ ይበቃታል።

ጉልበቱ ታሞ መንበርከክ ለማይችል ሰው ሌላ መንገድ አለ። በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደ ደረጃ ወይም ወደ ዝቅተኛ ፍራሽ ይሄዳል። እጁን ከኋላው ተክሎ ራሱን ወደ ላይ ይገፋል፤ ከዚያ ወደ ከፍተኛው። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ይሠራል።

በእውነት የወደቁ ዕለት ደግሞ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ትንሽ ይተንፍሱ፣ እጅና እግርዎን ያንቀሳቅሱ። ዳሌዎን ወይም ብሽሽትዎን በጣም ካመመዎት፣ ወይም አንድ እግርዎ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ለመነሳት አይሞክሩ። ያገኙትን ልብስ ለብሰው ሰው ይጥሩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሆነው ጭንቅላትዎን ከተመቱ ደህና ቢመስልዎትም ሐኪም ቤት ይሂዱ። ስልክ ደግሞ በኪስ ይሁን። እናቴ አሁን ቀሚሷ ላይ ኪስ አሰፍታለች።

ስለ ወተቱና ስለ ፀሐዩ

ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋሉ፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ነገር ግን ሲሚንቶና አሸዋ ግቢ ስለተራገፈ ቤት አይሠራም። አጥንቱን «ሥራ» የሚለው ጫናው ነው።

ጽሑፉ ያልነካው የፕሮቲን ጉዳይ አለ። ለዚህ ዕድሜ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይመከራል። እናቴ 60 ኪሎ ናት፤ ስለዚህ ከ60 እስከ 72 ግራም። የኩላሊት በሽታ ያለበት ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። በጾም ወራት ይህን ማሟላት ይከብዳል፤ ብንቸገርም ሞክረናል። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ ይሰጣል። ሽሮውን ወፈር አድርጋ፣ እንጀራውን ቀንሳ ትበላለች። ዋናው ጥንቃቄ ሌላ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹማ፣ የግፊት መድኃኒት ወስዳ ጀሪካን ብታነሳ ሊያዞራት ይችላል። በጾም ቀን የምንሠራው ከበላች ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዚህ የበለጠ መጠንቀቅ አለበት።

አሁን ያለችበት

ማክሰኞና ዓርብ የጉልበት ቀኖቿ ናቸው። ከወንበር መነሳት አለ፤ አምስት ሊትር ደረቷ ላይ አቅፋ፣ በሦስት ሰከንድ ቀስ ብላ እየወረደች። ዘጭ ብላ ከተቀመጠች አይቆጠርላትም። ከዚያ ጀሪካን ከደረጃው ላይ፣ ከዚያ በአንድ እግር ደረጃ መውጣት፣ መጨረሻ በሆድ ተኝቶ ደረትን ከፍራሹ ትንሽ ማንሳት። ሁሉም አርባ ደቂቃ ነው። ሚዛኑ በየቀኑ ነው። መሬት መውረድና መነሳት በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። ሁለት ሳምንት ታማ ስትተኛ ወደ ኋላ መለሳት፤ ስትመለስ ክብደቱን በሲሶ ቀንሰን ጀመርን።

በ30 ሰከንድ ከ7 ወደ 14 ደርሳለች። በአንድ እግር ቀኙ 12፣ ግራው 8 ሰከንድ ይቆማል። የአጥንት ምርመራውን ገና አልደገምነውም። አጥንት ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው፤ በሦስት ወር የሚለካው ሰው የመሣሪያውን ስሕተት ነው የሚያነበው። ሐኪሟ ከመጀመሪያው ሁለት ዓመት ሲሞላ እንድትመለስ ቀጥራታለች።

በስቅለት ዕለት አብሬያት ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ከእንጨቱ የተማረችውን ይዛ፣ ጀርባዋን ሳታጎብጥ፣ ጉልበቷንና እጇን አስቀድማ ሰገደች። ከታጠፈ ጋቢዋ ላይ አሥራ ሁለት ጊዜ ወርዳ አሥራ ሁለት ጊዜ ተነሳች። ከዚያ ግራ ጉልበቷ ስላቃጠላት የቀረውን መቋሚያዋን ይዛ ቆማ ጨረሰች። እህቴ አጠገቧ ነበረች፤ ጽሑፉን ለእማዬ ላንብብላት ያለችውን ጥያቄ ደግማ አላነሳችም። ማክሰኞ ዕለት የግራውን እግር የደረጃ ልምምድ ከስምንት ወደ አሥር ከፍ አደረግነው።